ጥንካሬ፣ ቦታና ጊዜ፦ የሚቀባ ስቴሮይድ ቆዳን መቼ ያሳሳል?

በሚቀቡ ስቴሮይዶች አጠቃቀም ላይ ሁለት ተቃራኒ ስህተቶች ጎን ለጎን ይኖራሉ። ችፌ ያለበት ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆች «ቆዳ ያሳሳል» ሲባል ስለሰሙ ሐኪም ያዘዘላቸውን ቅባት በስሱ ነካ ነካ ያደርጉና ማሳከኩ ጋብ ሲል በሁለተኛው ቀን ያቆሙታል። ልጁ ሌሊቱን ሲያክ ያድራል፤ ቆዳውም እየቆሰለ ይወፍራል። በሌላ በኩል ማድያት ለማጥፋት ወይም ፊት ለማቅላት ብለው ክሎቤታሶልን፣ ማለትም ከሚቀቡት ሁሉ የበረታውን፣ ለወራት በየቀኑ ፊታቸው ላይ የሚያሹ አሉ። እነርሱ ደግሞ ያቆሙ ዕለት ፊታቸው ይቃጠላል፣ ብጉር ያወጣል፣ ስለዚህ ተመልሰው ይቀቡታል። የመጀመሪያዎቹ ከልክ በላይ ፈሩ፣ ሁለተኛዎቹ ከልክ በላይ ደፈሩ ብሎ ማለፍ ይቻላል። የሁለቱም ስህተት ግን ምንጩ አንድ ነው፤ ሁለቱም ስቴሮይድን አንድ መድኃኒት አድርገው ነው ያሰቡት። ቆዳ መሳሳት በቱቦው ውስጥ ተዘግቶ የሚመጣ ባሕርይ አይደለም። የመድኃኒቱ ጥንካሬ፣ የተቀባበት የሰውነት ክፍልና የቆየበት ጊዜ ሲገናኙ የሚፈጠር ውጤት ነው። ከሦስቱ አንዱን ብቻ ይዞ «ያሳሳል» ወይም «አያሳሳም» ማለት መልስ አይሆንም። ይህ ዳሰሳ ሦስቱን በየተራ ከፍቶ ያያል፤ ፊት ላይ ለምን በቀናት፣ ሌላው ሰውነት ላይ ለምን በሳምንታት እንደሚቆጠርም ከእነርሱ ያወጣል።

ከጥንካሬው እንጀምር። በ1952 ሱልዝበርገርና ዊተን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ሃይድሮኮርቲሶንን በቅባት መልክ ቆዳ ላይ ተጠቅመው የችፌ ሕሙማን እንደተሻላቸው አሳወቁ። ያ መድኃኒት ዛሬ ከደረጃዎቹ ሁሉ ዝቅተኛው ላይ ተቀምጧል። በቀጣዮቹ ሁለት አሥርት ዓመታት የኬሚስትሪ ባለሙያዎች በሞለኪዩሉ ላይ ፍሎሪን እየጨመሩ፣ ቆዳን በቀላሉ እንዲያልፍ የሚያደርጉ ቅጥያዎች እየለጠፉ እነ ትራያምሲኖሎንን፣ ቤታሜታሶንንና ክሎቤታሶልን አስገኙ። መድኃኒቱ ሲበዛ ማነጻጸሪያ አስፈለገ። በ1962 ማኬንዚና ስቶውተን አንድ ቀላል ዘዴ አቀረቡ። ስቴሮይድ ቆዳ ውስጥ ሲገባ ጥቃቅን የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ ቦታው ለጊዜው ይገረጣል። መድኃኒቱን በጤናማ ሰው ክንድ ላይ ቀብቶ፣ ሸፍኖ፣ በማግስቱ ምን ያህል እንደገረጣ መመልከት ነው። አብዝቶ ያገረጣ ከፍ፣ ያላገረጣ ዝቅ ይላል። በዚህ መንገድ የወጣው ደረጃ ሕሙማን ላይ ከሚታየው የማዳን ኃይል ጋር በአመዛኙ ስለተስማማ እስከ ዛሬ የአሠራሩ መሠረት ሆኖ ቆይቷል።

እንግሊዞች ደረጃውን በአራት ይከፍሉታል፤ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ጠንካራና እጅግ ጠንካራ። ሃይድሮኮርቲሶን 1% ቀላል ነው፤ ክሎቤታሶን ቡቲሬት 0.05% መካከለኛ፤ ቤታሜታሶን ቫለሬት 0.1% እና ሞሜታሶን 0.1% ጠንካራ፤ ክሎቤታሶል ፕሮፒዮኔት 0.05% እጅግ ጠንካራ። አሜሪካኖች በሰባት ይከፍሉታል፤ የእነርሱ አንደኛ ክፍል የመጨረሻው ብርቱ ሲሆን ሰባተኛው የመጨረሻው ቀላል ነው። እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው በሳጥኑ ላይ የተጻፈው መቶኛ ነው። መቶኛው የሚናገረው በአንድ ግራም ክሬም ውስጥ ምን ያህል መድኃኒት እንዳለ እንጂ መድኃኒቱ ምን ያህል እንደሚበረታ አይደለም። 0.05% ክሎቤታሶል ከ1% ሃይድሮኮርቲሶን ሃያ ጊዜ ያነሰ ይመስላል፤ በተግባር ግን በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። ቁጥሩን አይቶ «ይሄ ትንሽ ነው» ብሎ ፊት ላይ የሚቀባ ሰው ደረጃውን ገልብጦ አንብቦታል። ስሞቹም ያሳስታሉ፤ ክሎቤታሶንና ክሎቤታሶል በአንድ ፊደል ቢለያዩም በመካከላቸው ሁለት እርከን አለ። ሁለተኛው ወጥመድ መድኃኒቱን የተሸከመው ቅባት ነው። ያው ሞሜታሶን 0.1% በክሬም መልክ በአሜሪካው አመዳደብ አራተኛ ክፍል ሲሆን፣ ቅባታማው ዓይነት ቆዳውን ሸፍኖ እርጥበት ስለሚይዝና መድኃኒቱን ስለሚያስገባ ሁለተኛ ክፍል ላይ ይወጣል። በፕላስቲክ መሸፈን ደግሞ ወደ ውስጥ የሚያልፈውን መጠን እስከ አሥር እጥፍ ሊያደርስ ይችላል። የሕፃን ዳይፐር፣ የብብትና የብሽሽት እጥፋትም ሳይታሰብ ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ።

የዚህ ሁሉ ደረጃ መነሻ ግን ክንድ መሆኑን ልብ እንበል። ደረጃው የሚነግረን መድኃኒቶቹ በአንድ ዓይነት ቆዳ ላይ እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚበላለጡ ነው። አንዱ መድኃኒት ከቦታ ወደ ቦታ እንዴት እንደሚለዋወጥ አይነግረንም። ይህን ክፍተት የሞሉት ፌልድማንና ማይባክ ናቸው። በ1967 ባሳተሙት ጥናት ምልክት የተደረገበት ሃይድሮኮርቲሶን በተለያዩ የሰውነት ክፍሎች ላይ ቀብተው ምን ያህሉ ወደ ሰውነት ዘልቆ በሽንት እንደወጣ ለኩ። በክንድ በኩል ያለፈውን 1 ብንል፣ በውስጥ እግር ያለፈው 0.14፣ በመዳፍ 0.83፣ በጀርባ 1.7፣ በራስ ቅል ቆዳ 3.5 ገደማ ነበር። ግንባር ላይ 6፣ መንጋጋ አካባቢ 13፣ በወንድ ብልት ከረጢት ቆዳ ደግሞ 42 ደረሰ። እነዚህ ቁጥሮች ከጥቂት ጤናማ ሰዎች የተገኙ ናቸው፤ መድኃኒቱ ስድስት እጥፍ ስለገባ ጉዳቱ በትክክል ስድስት እጥፍ ይሆናል ማለትም አይደለም። አቅጣጫው ግን አያሻማም። ክንድ ላይ መካከለኛ የነበረ ቅባት ፊት ላይ ሲቀባ ሳጥኑ ላይ ካለው እርከን ከፍ ብሎ ይሠራል። ውስጥ እግር ላይ ደግሞ ጠንካራ የተባለው ራሱ ሊያንስ ይችላል። ወፍራም የእጅና የእግር ችፌ በሃይድሮኮርቲሶን አልድን ማለቱ፣ ፊት ደግሞ በቤታሜታሶን መጎዳቱ ከዚሁ ከአንድ ምክንያት የመጡ ናቸው። ደረጃው ሲነበብ ምንጊዜም «የት?» የሚል ጥያቄ አብሮት መነበብ አለበት።

ቆዳው የሚሳሳበት መንገድ ጊዜው ለምን ወሳኝ እንደሆነ ያስረዳል። ስቴሮይድ ወደ ሕዋሳት ገብቶ የትኞቹ ጂኖች እንደሚሠሩና እንደሚያርፉ ይለውጣል። የቁጣ መልእክተኞችን ዝም ያሰኛል፤ ለዚህ ነው የምንቀባው። ግን በዚያው ሥራው የላይኛው ቆዳ ሕዋሳት መባዛታቸውን ያዘገያል፤ ከሥር ያለው ቆዳ ደግሞ ኮላጅንና ውኃ የሚይዙ ንጥረ ነገሮችን ማምረቱን እንዲቀንስ ያደርጋል። ማዳኑና ማሳሳቱ ከአንድ ሥር ስለሚወጡ ፈጽሞ መለያየት አልተቻለም። እንደ ሞሜታሶን ያሉ አዳዲሶቹ ከቀደሙት ጋር ሲነጻጸሩ የጥቅምና የጉዳት ሚዛናቸው የተሻለ ነው፤ ነፃ ናቸው ማለት ግን አይደለም። ለውጡ በደረጃ ይሄዳል። በመጀመሪያ የሚሳሳው የላይኛው ሽፋን ነው። በጠንካራ ስቴሮይድ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ በመሣሪያ ሊለካ ይችላል፤ ቅባቱ ሲቆም ግን በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ቀጥሎ ኮላጅኑ ሲመናመን ቆዳው ያንጸባርቃል፣ በጣት ሲቆነጠጥ ይሸበሸባል፣ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይታያሉ፣ በቀላል ግጭትም ይበልዛል። ይህ ለመመለስ ወራት ይፈጃል፤ የተለጠጡ የደም ሥሮች አንዳንዴ ይቀራሉ። በመጨረሻ የውስጡ ቃጫ ይበጠስና ሸንተረር ይወጣል። ሸንተረር ቀለሙ እየደበዘዘ ይሄዳል እንጂ አይጠፋም። ብዙ ጊዜ የሚወጣውም በብብት፣ በብሽሽትና በጭን ውስጠኛ በኩል ነው፤ እነዚህ እጥፋቶች መድኃኒቱን አጥብቀው ይይዛሉ። ስለዚህ የጊዜ ገደብ ማበጀት ማለት በሚመለሰውና በማይመለሰው ለውጥ መካከል መቆም ማለት ነው።

ፊት ላይ ያለው ገደብ ከዚህ ይከተላል። የብሪታንያው የጤናና እንክብካቤ የልህቀት ተቋም በ2007 ስለ ልጆች ችፌ ያወጣው መመሪያ ለፊትና ለአንገት ቀላሉን ይመርጣል። ብርቱ መባባስ ሲኖር ብቻ መካከለኛውን ይፈቅዳል፤ እሱንም ከ3 እስከ 5 ቀን። ለብብትና ለብሽሽት መካከለኛ ወይም ጠንካራውን ከ7 እስከ 14 ቀን ይፈቅዳል። እጅግ ጠንካራው ያለ ቆዳ ስፔሻሊስት ምክር ለልጅ እንዳይሰጥም ያዛል። ለአዋቂም ቢሆን ሐኪሞች ፊት ላይ ሃይድሮኮርቲሶን 1% ከጥቂት ቀናት እስከ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ያዛሉ። ከዚያ በላይ የሚፈልግ በሽታ ካለ ስቴሮይድ ባልሆነ እንደ ታክሮሊመስ ያለ ቅባት ይቀጥላሉ፤ ታክሮሊመስ መጀመሪያ ላይ ቢያቃጥልም ቆዳን አያሳሳም። የዓይን ቆብ ላይ ጥንቃቄው ይበልጥ ይጠብቃል። ቆዳው ከሰውነት ሁሉ ስስ ከመሆኑም በላይ ለረጅም ጊዜ የተቀባ ስቴሮይድ ወደ ዓይን እየገባ የዓይን ውስጥ ግፊትን ሊጨምርና የዓይን ሞራ ሊያመጣ ይችላል። ፊት ከመሳሳት ሌላ የራሱ የሆነ ጣጣም አለው። በተደጋጋሚ ስቴሮይድ የተቀባ ፊት በአፍና በአፍንጫ ዙሪያ ብጉር መሰል ሽፍታ ያወጣል። ቅባቱ ሲቆም ለጥቂት ሳምንታት ይብሳል፤ ሰውየው «ያለሱ አይሆንልኝም» ብሎ ይመለሳል። ፊት ላይ በቀናት የሚቆጠረው ይህ ሽክርክሪት ገና ሳይጀመር ለማቆም ነው።

ሌላው ሰውነት ላይ ሰፊ ቦታ አለ። ክሎቤታሶል በተከታታይ ከ2 ሳምንት እንዳያልፍና በሳምንት ከ50 ግራም እንዳይበልጥ በአምራቾቹ መመሪያ ላይ ተጽፏል። ጠንካራና መካከለኛ የሆኑት ደግሞ ለግንድና ለእጅ እግር ብዙ ጊዜ ለ2 ወይም ለ4 ሳምንት ይታዘዛሉ፤ በአሜሪካ ለቤተሰብ ሐኪሞች የታተሙ መመሪያዎች እስከ 12 ሳምንት ድረስ እንደ ጣሪያ ያስቀምጣሉ። በ2 ሳምንትና በ12 ሳምንት መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው፤ የሚያሳየውም እነዚህ ቁጥሮች በሙከራ ተለክተው የወጡ ድንበሮች ሳይሆኑ የባለሙያዎች ግምገማ መሆናቸውን ነው። ስለዚህ ቀን መቁጠሩ ብቻውን አይበቃም። ትክክለኛው ማቆሚያ ቆዳው ሲዳሰስ ልሙጥ ሲሆንና ማሳከኩ ሲተው ነው፤ የተጻፈው የቀን ብዛት ደግሞ ያ ሳይሆን ቢቀር ወደ ሐኪም የሚመለሱበት ቀጠሮ ነው። ብዙዎች ይህን ገልብጠው ያነብቡታል። 14 ቀን ከተባሉ በአራተኛው ቀን ቢድኑም 14 ቀን ይቀቡታል፣ ወይም በአሥራ አራተኛው ቀን ባይድኑም በራሳቸው ውሳኔ ይቀጥላሉ።

ታዲያ መሳሳቱ በተግባር ምን ያህል ያጋጥማል? በ2022 የታተመው የኮክሬን ግምገማ 8443 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 104 የችፌ ሙከራዎች ሰብስቧል። የቆዳ መሳሳትን ከመዘገቡት 22 ሙከራዎች ውስጥ ከ2266 ሰዎች በ26ቱ፣ ማለትም በ1% ገደማ ላይ ታይቷል። ከእነዚህ 26 ሰዎች 16ቱ እጅግ ጠንካራውን፣ 6ቱ ጠንካራውን፣ 2ቱ መካከለኛውን፣ 2ቱ ቀላሉን የተቀቡ ነበሩ። አደጋው ከደረጃው ጋር ይወጣል ማለት ነው፤ ከታች ግን በጣም ትንሽ ነው። በዚሁ ግምገማ ውስጥ ከዳኑ በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እየቀቡ ማገርሸቱን የመከላከል ዘዴ በተፈተነባቸው ሰባት ሙከራዎች፣ ከ1050 ሰዎች በአንዱም ላይ መሳሳት አልታየም። ልጆች ላይ በእንግሊዝ የተደረገና በ2002 የታተመ ሌላ ሙከራ 207 ልጆችን ለ18 ሳምንታት ተከታትሏል። አንዱ ቡድን ችፌው ሲነሳ ቤታሜታሶን ቫለሬትን ለ3 ቀን፣ ሌላው ሃይድሮኮርቲሶን 1% ለ7 ቀን ይቀባ ነበር። በፈውስም ሆነ በአልትራሳውንድ በተለካ የቆዳ ውፍረት ልዩነት አልታየም። ጠንካራው በሦስት ቀን ሲቆም ከቀላሉ ሰባት ቀን ጋር እኩል ሆነ፤ ጥንካሬና ጊዜ እንደሚመዛዘኑ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሳል። ሙከራዎቹ አብዛኞቹ የሚቆዩት ለጥቂት ሳምንታት ነው፤ ሰዎች ግን ችፌን ለዓመታት ይኖሩበታል። 1% የተባለው ለአንድ ወር እንጂ ለአሥር ዓመት አይናገርም። ተቃውሞው እውነት አለው፤ ግምገማው ራሱም ይህን ይቀበላል። ከረጅሞቹ ጥናቶች አንዱ በ2015 ታትሟል፤ 2418 ሕፃናትን እስከ 5 ዓመት ተከታትሎ ከፊሎቹን ስቴሮይድ ባልሆነ ቅባት፣ ከፊሎቹን ሲያስፈልግ ብቻ በቀላል ወይም በመካከለኛ ስቴሮይድ አክሟል፤ ከስቴሮይዱ ቡድን መሳሳት የተመዘገበው አልፎ አልፎ እንኳ ለማለት በማያስደፍር መጠን ነው። ይህ ጥናት የሚያረጋጋው ሲያስፈልግ ብቻ የሚቀባውን ወላጅ ነው። ክሎቤታሶል በየቀኑ ፊቷ ላይ ለምትቀባ ሴት ምንም ማረጋገጫ አይሰጥም፤ እንዲያ ያለ ሙከራ ቢታሰብ እንኳ ሥነ ምግባር አይፈቅደውም። ለእርሷ የሚናገረው ከክሊኒክ የመጣ ማስረጃ ነው። በሕንድ በ2011 የታተመ ጥናት በፊታቸው ችግር ምክንያት ወደ ቆዳ ሐኪም የመጡ 2926 ሰዎችን ጠይቆ 433ቱ ፊታቸው ላይ ስቴሮይድ ሲቀቡ እንደነበር አገኘ፤ የሕንድ ሐኪሞችም ለሚያስከትለው ጉዳት «በስቴሮይድ የተጎዳ ፊት» የሚል የራሱ መጠሪያ ሰጥተውታል። ሁለቱ ማስረጃዎች የሚጋጩ የሚመስሉት «ስቴሮይድ» የሚለው ስም ሁለቱንም ስለሚሸፍን ነው፤ ጥንካሬው፣ ቦታውና ጊዜው ሲጻፍ ግን አይጋጩም።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ሠርተን እንየው። ችፌ ያለበት አዋቂ ሰው ሁለቱም ቅልጥሞቹ ላይ የወፈረና የሚያሳክክ፣ ፊቱና አንገቱ ላይ ደግሞ ቀለል ያለ ሽፍታ አለው እንበል። መጠኑን ለመለካት ሐኪሞች የጣት ጫፍ መለኪያ ይጠቀማሉ፤ ሎንግና ፊንሌ በ1991 ያስተዋወቁት ነው። ከተለመደው ቱቦ አፍ ወጥቶ ከአዋቂ ጠቋሚ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መገጣጠሚያ የሚዘረጋ ክሬም ግማሽ ግራም ገደማ ይሆናል፤ ጣቶች እንደተገጠሙ ሁለት መዳፍ የሚያክል ቦታም ይሸፍናል። ለአንድ ሙሉ እግር 6 ያስፈልጋል፤ ከጉልበት በታች ላለው ግማሽ 3፤ ለሁለቱ ቅልጥሞች 6፣ ማለትም በቀን 3 ግራም። ቤታሜታሶን ቫለሬት በቀን አንድ ጊዜ ለ14 ቀን ቢታዘዝ 42 ግራም ይፈጃል። ለፊትና ለአንገት 2.5 መለኪያ ያስፈልጋል፣ ይህም 1.25 ግራም ነው፤ ሃይድሮኮርቲሶን 1% ለ5 ቀን ቢቀባ ከ6 ግራም ትንሽ ይበልጣል። አሁን አብዛኛው ቱቦ 15 ግራም መሆኑን እናስታውስ። ለእግሩ አንድ ቱቦ ብቻ የተሰጠው ሰው በአምስተኛው ቀን ያልቅበታል፤ ወይ ሕክምናው ይቋረጣል፣ ወይ ለ14 ቀን እንዲደርስ በስሱ ይቀባዋል፤ በሁለቱም መንገድ «መድኃኒቱ አልሠራም» ይላል። ለፊቱ ደግሞ በአምስት ቀን ከግማሽ ቱቦ በታች ስለሚጨርስ የተረፈው መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ሃይድሮኮርቲሶን ሆኖ ቢቀር ችግሩ ትንሽ ነው። ነገር ግን የእግሩን ቤታሜታሶን ፊቱ ላይ መቀባት ከጀመረ አንዱ 15 ግራም ቱቦ ለመላ ፊትና አንገት 12 ቀን ይበቃል፤ በየወሩ ከሁለት ቱቦ በላይ የሚገዛ ሰው በየቀኑ ፊቱን ሲቀባ የከረመ ሊሆን ይችላል። ፋርማሲስት ይህን ሒሳብ ካወቀ ጥያቄ የሚጠይቅበት ምክንያት ያገኛል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቅልጥሙ ልሙጥ ከሆነ ሰውየው ያቆማል፤ ቶሎ ቶሎ የሚያገረሽበት ከሆነ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ በዚያው ቦታ ይቀባል።

በዚህ ምሳሌ ላይ የሚነሱ ሌሎች ተቃውሞዎች አሉ። «ለምን ሁልጊዜ ቀላሉን አንጠቀምም? ደኅንነቱ የተሻለ ነው» የሚለው የመጀመሪያው ነው። ፊት ላይ ትክክል ነው፤ ወፍራም ቅልጥም ላይ ግን ስህተት ነው። ቀላሉ እሳቱን ሳያጠፋ ለወራት ይቀባል፤ በመሃል ሰውየው ያካል፣ ቆዳው ይወፍራል፣ ይመረቅዛል፤ መጨረሻ ላይ ከሚያስፈልገው በላይ ብዙ መድኃኒት ፈጅቷል። የ2002ቱ ሙከራ እንዳሳየው በርትቶ ቶሎ ማቆም ከመድከም የከፋ አይደለም። ሁለተኛው ተቃውሞ ከወላጆች ይመጣል፤ «ቅባቱ የተቀባበት ቦታ ነጭ ሆነ፣ ቆዳው ሳሳ» ይላሉ። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ችፌ ራሱ ሲድን ቀለም ያጎድላል፤ ቀለሙ በወራት ይመለሳል። ስቴሮይዱም ቀለም ሊቀንስ ይችላል፣ ስለዚህ በቀለም ብቻ መለየት አይቻልም። መለያው መዳሰስ ነው። በችፌ ምክንያት በነጣ ቦታ ላይ የቆዳው ጥቃቅን መስመሮች አሉ፣ ውፍረቱም እንደ ጎረቤቱ ነው። የሳሳ ቆዳ ግን መስመሮቹ ጠፍተው ያንጸባርቃል፣ ሲቆነጠጥ ስስ ሽብሽብ ይሠራል፣ የደም ሥር ወይም ብልዘት ይታይበታል። በጥቁር ቆዳ ላይ ቅላትና ጥቃቅን የደም ሥሮች በቀላሉ ስለማይታዩ በጥሩ ብርሃን ማየትና በጣት መዳሰስ ያስፈልጋል። የወፈረው ቅልጥም ሲድን ወደ ቀድሞ ውፍረቱ መመለሱም መሳሳት ሳይሆን የተፈለገው ውጤት ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው። ለዓመታት ጠንካራ ስቴሮይድ ሲቀቡ ቆይተው ያቆሙ ሰዎች ቆዳቸው ቀድሞ ችፌ ባልነበረባቸው ቦታዎች ጭምር እየተቃጠለና እየተላጠ ለሳምንታት ወይም ለወራት እንደተሠቃዩ ይናገራሉ። አንዳንዶች ይህን አይተው የስቴሮይድ ቅባት ጨርሶ ይቅር ይላሉ። የብሪታንያ የመድኃኒት ቁጥጥር ባለሥልጣን ጉዳዩን በ2021 በመመሪያ አሳውቋል፤ በ2024 ደግሞ ማስጠንቀቂያው በመድኃኒቶቹ መረጃ ላይ እንዲጠናከርና የጥንካሬ ደረጃው በማሸጊያቸው ላይ እንዲጻፍ አድርጓል። የተዘገቡት ሕሙማን ብዙዎቹ ግን መካከለኛ ወይም ከዚያ የበረታ ስቴሮይድ፣ ብዙውን ጊዜ ፊት ላይ፣ ያለ ክትትል ለረጅም ጊዜ የተቀቡ ናቸው። ስለዚህ ክስተቱ የዚህን ጽሑፍ ክርክር አያፈርስም፤ ሦስቱ ነገሮች አብረው ሲዘነጉ የሚደርሰውን ያሳያል። ለወራት ፊቱን ሲቀባ ለከረመ ሰው ግን «ዛሬውኑ ጣለው» ማለት በቂ ምክር አይሆንም። ሲያቆም ሊብስበት እንደሚችል ቀድሞ ማወቅና በሐኪም ክትትል ማድረጉ ነው እንዳይመለስ የሚረዳው።

ደረጃ፣ ቦታና ጊዜ በትክክል ተመርጠው እንኳ በሽታው የተሳሳተ ከሆነ ሁሉም ከንቱ ነው። ጭርት ላይ ስቴሮይድ ሲቀባ ማሳከኩ ይቀንሳል፣ ከፍ ያለው ጠርዙ ይጠፋል፣ ሐኪም የሚያውቀው ክብ መልኩ ይደበዝዛል፣ ፈንገሱ ግን ከሥር ይስፋፋል። ስቴሮይድን ከፈንገስና ከባክቴሪያ መድኃኒት ጋር የቀላቀሉ ክሬሞች «ለሁሉም ይሆናል» ተብለው ሲወሰዱ ጉዳቱ ይህን ይመስላል። ቅባቱ ሲቆም ሽፍታው ሰፍቶ ከተመለሰ፣ ወይም ሁለት ሳምንት በትክክል ተቀብቶ ምንም ካልተለወጠ፣ ጥያቄው «ከፍ ያለ ስቴሮይድ ይሰጠኝ» ሳይሆን «በእርግጥ ችፌ ነው?» መሆን አለበት። የማቅያ ክሬሞች ደግሞ ሌላ ጉዳይ ናቸው። በአፍሪካም ሆነ በውጭ በሚገኙ ሱቆች ከሚሸጡት ውስጥ ክሎቤታሶል ያለባቸው ተገኝተዋል፤ አንዳንዶቹ ይህን በሳጥናቸው ላይ አይገልጹም። የሚያቀላው ነገር ራሱ የስቴሮይዱ ጉዳት ነው፤ የደም ሥር ያጠብባል፣ ቀለም አምራች ሕዋሳትንም ይገታል። ማድያትን በዚህ ማከም ፊቱን ለማሳሳት መክፈል ነው፤ ሲቆም ማድያቱ ይመለሳል።

እገዳ ብቻ መፍትሔ ነው የሚል ሰው በአንድ በኩል ልክ ነው፤ ክሎቤታሶል ያለ ማዘዣ መሸጥ የለበትም። ነገር ግን የታዘዘውም መድኃኒት ቢሆን ከሐኪሙ ክፍል ሲወጣ ሦስቱን መረጃዎች ይዞ አይወጣም። ሳጥኑ መቶኛውን ይናገራል፣ መቶኛው ደግሞ ደረጃውን ይደብቃል፤ ቦታውና ማቆሚያው በቃል ተነግረው ይረሳሉ። የብሪታንያው ውሳኔ ደረጃውን ወደ ሳጥኑ አመጣው። የቀረውን ማንኛውም ፋርማሲ ያለ አዲስ ሕግ ሊያደርገው ይችላል፤ «ጠንካራ፣ ለእግር ብቻ፣ ልሙጥ እስኪሆን፣ ከ14 ቀን አይለፍ» ብሎ በእስክሪብቶ በሳጥኑ ላይ መጻፍ። የልጁ እናት ያን ስታነብ ሙሉ ሕክምናውን ለመስጠት ድፍረት ታገኛለች፤ ፊቱ ላይ ለመቀባት ያሰበ ሰውም የእግር መድኃኒት መያዙን ያውቃል።